ላፕቶፑ «ተሰክቷል ግን አይሞላም» ሲል፦ ስለ ታይፕ ሲ ቻርጀር ጥያቄና መልስ

የማታ ተማሪ፦ የላፕቶፔ ቻርጀር ተቃጠለና የስልኬን ቻርጀር በታይፕ ሲ ሰካሁበት። «Plugged in, not charging» ይለኛል። ከተሰካ ለምን አይሞላም? የስልኩ 25 ዋት ነው፣ የድሮው 65 ነበር።

መልስ፦ ላፕቶፕህ ኤሌክትሪክ እንደመጣለት አውቋል። የመጣው ግን ለባትሪው የሚሆን አይደለም።

ታይፕ ሲ ስትሰካ መጀመሪያ የሚመጣው 5 ቮልት ብቻ ነው። ከዚያ ቻርጀሩና ላፕቶፑ በኬብሉ ውስጥ ባለች አንዲት ቀጭን ሽቦ ይነጋገራሉ። ቻርጀሩ እንደ ምግብ ቤት ሜኑ ያለውን ይዘረዝራል፣ ላፕቶፑ አንዱን ይመርጣል። የአንተ ቻርጀር ጀርባ ላይ አውትፑት የሚለውን መስመር አንብበው። በ25 ዋት ቻርጀሮች ላይ የተለመደው 5 ቮልት በ3 አምፔር፣ 9 ቮልት ደግሞ በ2.77 አምፔር ነው። የተቃጠለው ቻርጀር 20 ቮልት በ3.25 አምፔር ይሰጥ ነበር። ላፕቶፑ የሚፈልገው 20 ቮልት ዝርዝሩ ውስጥ የለም ማለት ነው።

ባትሪው ብዙ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ሴል በተከታታይ ተያይዞ የተሠራ ነው። ባለ ሦስቱ ሲሞላ 13 ቮልት አካባቢ ይደርሳል። 9 ቮልት ወደ 13 ቮልት ባትሪ በራሱ አይገባም። ቮልቱን ከፍ የሚያደርግ ሰርኪዩት ያላቸው ላፕቶፖች አሉ፣ እነሱ ትንሽም ቢሆን ይቀበላሉ። ሌሎቹ ግን አምራቹ ወለል አበጅቶላቸዋል፤ ከዚህ ዋት በታች ከሆነ ባትሪውን አትንካ የሚል። ወለሉ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል።

የቦሌው፦ ይሄ የድራይቨር ችግር ነው። Device Manager ገብተህ «Microsoft ACPI-Compliant Control Method Battery» የሚለውን አጥፋና ሪስታርት አድርግ። ለእኔ ሠርቷል።

መልስ፦ የሚሠራበት ጊዜ አለ። ኦሪጅናል ቻርጀር ተሰክቶ ላፕቶፑ ሲደናገር ለምሳሌ። ያኔም ብዙ ጊዜ የሚያድነው ሪስታርቱ ይመስለኛል። ቻርጀሩ 20 ቮልት ከሌለው ግን ድራይቨር ብታጠፋ ቮልት አይወልድም።

ከሐዋሳ፦ የእኔም እንደዚሁ ይላል፣ ግን 80 በመቶ ላይ ሲደርስ ነው የሚቆመው። ኦሪጅናል ቻርጀሩም ደክሞ ይሆን?

መልስ፦ አልደከመም። የአንቺ ሌላ ጉዳይ ነው። ባትሪው ቶሎ እንዳያረጅ 80 ላይ እንዲቆም የሚያደርግ ሴቲንግ በርቶ ይሆናል። በአምራቹ ፕሮግራም ውስጥ ፈልጊው። ቤት ውስጥ ሁሌ ሰክተሽ የምትሠሪ ከሆነ ባታጠፊው ይሻላል።

ጡረተኛ መምህር፦ ልጄ፣ የእኔ ላፕቶፕ በስልክ ቻርጀር ተሰክቶ ፐርሰንቱ አንዳንዴ ይቆማል፣ አንዳንዴ ይወርዳል። ኤሌክትሪኩን እየተጠቀመ ነው ወይስ ዝም ብሎ ነው የተሰካው? ደግሞስ አይጎዳውም?

መልስ፦ ጋሼ፣ ጥሩ ነገር አስተውለዋል። መለኪያው እዚያው ዊንዶውስ ውስጥ አለ። PowerShell ይክፈቱና ይህን ይጻፉ፦

```
Get-CimInstance -Namespace root\wmi -ClassName BatteryStatus |
  Select-Object PowerOnline, Charging, ChargeRate, DischargeRate
```

DischargeRate ከባትሪው በየቅጽበቱ የሚወጣው ነው፣ በሚሊዋት። 12000 ካለ 12 ዋት ማለት ነው። መጀመሪያ ነቅለው ይዩ፣ ከዚያ ሰክተው ይዩ። ሁለቱንም ጊዜ አንድ ዓይነት ሥራ ላይ ይሁኑ።

አንድ ምሳሌ ልስጥዎ። ጽሑፍ ሲጽፉ ላፕቶፑ 12 ዋት ይበላል እንበል። ሲነቅሉት 12000 ያሳያል። ሲሰኩት 0 ከሆነ፣ የስልኩ ቻርጀር ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ ተሸክሞታል። ባትሪው አይሞላም፣ ግን አይወርድም። ፐርሰንቱ ቆመ ያሉት ይህ ነው። ቪዲዮ ጥሪ ሲከፍቱ ደግሞ ፍጆታው ወደ 35 ዋት ቢወጣ፣ 25ቱን ቻርጀሩ ይሰጣል፣ 10ሩ ከባትሪ ይመጣል። 50 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በዚያ አካሄድ አምስት ሰዓት ይቆያል። ተሰክቶም 12000 ላይ ከቀረ ግን ላፕቶፑ ቻርጀሩን ጨርሶ አልተቀበለውም። ያኔ መሰካቱም ትርጉም የለውም። አንዳንድ ባትሪዎች ይህን ቁጥር በትክክል አያወጡም፤ የማይመስል ነገር ካዩ በፐርሰንቱ ይከታተሉ።

ላፕቶፑን አይጎዳውም። የሚደክመው ቻርጀሩ ነው፣ በአቅሙ ጫፍ ስለሚሠራ ይግላል። እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ወይም የፕላስቲክ ሽታ ካመጣ ይንቀሉት።

የማታ ተማሪ፦ እና አጥፍቼ ብሰካውስ?

መልስ፦ ሞክረው። ሲበራ እምቢ ብሎ ሲጠፋ የሚቀበል ላፕቶፕ አለ፣ የሚበላው ስለሌለ ሁሉም ወደ ባትሪው ይሄዳል። ከተቀበለ 50 ዋት ሰዓት ባትሪ ሦስት ሰዓት አካባቢ ይወስድበታል። ጠዋት ምንም ካልጨመረ ወለሉ ከ25 ዋት በላይ ነው።

ከአዳማ፦ መብራት ሲጠፋ ብዬ 22.5 ዋት ፓወር ባንክ ገዛሁ። ላፕቶፑ አላወቀውም ማለት ይቻላል። ሻጩ «ላፕቶፕም ይሠራል» ብሎኝ ነበር።

መልስ፦ በየትኛው ቀዳዳ ሰካኸው?

ከአዳማ፦ በትልቁ፣ አራት ማዕዘኑ። ከስልኬ ጋር የመጣው ኬብል።

መልስ፦ እሱ ነው ችግሩ። ትልቁ ቀዳዳ የታይፕ ሲውን ድርድር አያውቅም። 22.5 ዋት የሚለው አንዳንድ ስልኮች ብቻ በሚግባቡበት በራሳቸው መንገድ የሚወጣ ነው። ላፕቶፑ ያንን ስለማያውቅ ባዶ 5 ቮልት ይደርሰዋል። 66 ዋት የሚል የስልክ ቻርጀር ይዛችሁ ላፕቶፕ እምቢ ያላችሁም ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ ዋቱ እውነት ቢሆንም ለራሱ ስልክ ነው። ፓወር ባንክ ስትገዛ በታይፕ ሲ አውትፑት ላይ 20 ቮልት የሚል ጽሑፍ ፈልግ፣ ከ45 ዋት በታች አትግዛ። የሻጩን ቃል ተወው፣ ጀርባውን አንብብ።

ከሪያድ፦ የእኔ ቻርጀር 65 ዋት ነው፣ ሁለት ቀዳዳ አለው። ስልኬን አጠገቡ ስሰካ ላፕቶፑ ቻርጅ ያቆማል።

መልስ፦ ሁለተኛው ሲሰካ 65ቱን ለሁለት ይከፍለዋል፣ ለምሳሌ 45 እና 20። ድርድሩም እንደ አዲስ ይጀመራል፣ ለአንድ አፍታ የሚቋረጠው ለዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ለላፕቶፑ የተረፈው ከወለሉ በታች ከሆነ ተመልሶ አይሞላም። ቀዳዳዎቹን አቀያይረህ እይ፣ አንደኛው ትልቁን ድርሻ የሚወስድ ሊሆን ይችላል። ኬብልህንም ተመልከት። ተራ ታይፕ ሲ ኬብል 3 አምፔር ነው የሚሸከመው፣ በ20 ቮልት 60 ዋት ማለት ነው። ከዚያ በላይ 5 አምፔር የሚል ኬብል ይፈልጋል።

የቦሌው፦ እሺ ድራይቨሩን ተውኩት። ግን አንድ ጥያቄ። 65 ዋት፣ 20 ቮልት፣ አንድ ቀዳዳ፣ 5 አምፔር ኬብል። የባለቤቴን ላፕቶፕ ይሞላል፣ የእኔን «not charging» ይለዋል። በኦሪጅናሉ በዚያው ቀዳዳ ይሞላል።

መልስ፦ ይሄ ከበደኝ። የላፕቶፕህ ኦሪጅናል ስንት ዋት ነው?

የቦሌው፦ 130።

መልስ፦ እንግዲያው 65ቱ ለእሱ ደካማ ሊሆንበት ይችላል። ግን 65 የሚቀበሉ 130 ዋት ላፕቶፖችም አሉ፣ ስለዚህ አልፈርድም። BIOS ገብተህ ቻርጀሩን ስንት ዋት ብሎ እንደሚያነበው እይና ጻፍልኝ። 65 ካለ ወለሉ ነው። ዋቱን ማወቅ አልቻልኩም ካለ ደግሞ የ BIOS አፕዴት ካለ ጫንና ድገመው።