λ ስንት ጊዜ ይባዛል? የአምስት የታክሲ ጠባቂዎች ስሌት

«ታክሲ የጠበቁ 5 ሰዎች የቆዩበት ጊዜ በደቂቃ 4፣ 7፣ 2፣ 11 እና 6 ነው። ስርጭቱ ኤክስፖኔንሻል ነው ተብሎ λን በማክሲመም ላይክሊሁድ በእጅ ፈልጉ ተባልን። እኔ ስሠራው 1/30 መጣልኝ፤ መልሱ ግን 1/6 ነው ይላል። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

የተሳሳቱት ደሪቬቲቩ ላይ አይመስለኝም፤ ከዚያ በፊት፣ ላይክሊሁዱን ሲጽፉ ነው። ለጥቂት ዓመታት የስታቲስቲክስ ፈተና ሳርም ይህችን 1/30 የመሰለች መልስ ደጋግሜ አይቻታለሁ፤ ሁልጊዜም የምትመጣው ከፊት ያለው λ አንድ ጊዜ ብቻ ሲጻፍ ነው። የኤክስፖኔንሻል ዴንሲቲ λe^(−λx) ስለሆነ 4 ደቂቃ የጠበቀው ሰው λe^(−4λ) ያዋጣል፣ 7 ደቂቃ የጠበቀው ደግሞ λe^(−7λ)፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን λ ይዞ ይመጣል ማለት ነው። የአንዱ ቆይታ የሌላውን አይወስንም ብለን ስለተነሣን አምስቱን እናባዛቸዋለን፤ ስናባዛ አርቢዎቹ ይደመሩና −30λ ይሆናሉ፣ λ ግን አምስት ጊዜ በራሱ ይባዛል።

L(λ) = λ⁵ · e^(−30λ)

አሁን ሎግ እንወስዳለን። ሎግ ሁልጊዜ እየጨመረ የሚሄድ ፈንክሽን በመሆኑ ላይክሊሁዱ ከፍተኛ የሚሆንበትን λ ከቦታው አያነቃንቀውም፤ ጥቅሙ ማባዛቱን ወደ መደመር መለወጡ ነው።

ℓ(λ) = 5 ln λ − 30λ

ደሪቬቲቩን የምንወስደው በλ እንጂ በx አይደለም፤ ደቂቃዎቹ ተለክተው ያለቁ ቋሚ ቁጥሮች ናቸው።

ℓ′(λ) = 5/λ − 30

ይህን ዜሮ ስናደርገው 5/λ = 30፣ ስለዚህም λ = 5/30 = 1/6 ይሆናል። እርስዎ ምናልባት ln λ − 30λ ብለው ጀምረው 1/λ = 30 ላይ ደርሰዋል። መልሱ ሳይነገርዎትም ስህተቱን ማወቅ ይቻል ነበር፤ በኤክስፖኔንሻል አማካይ የመጠበቂያ ጊዜ 1/λ ስለሆነ የእርስዎ ግምት በአማካይ 30 ደቂቃ ይጠበቃል ይላል፣ ከአምስቱ ሰዎች ብዙ የቆየው ግን 11 ደቂቃ ብቻ ነው። 1/6 የሚሰጠው አማካይ 6 ደቂቃ ሲሆን ይህም የአምስቱ ቁጥሮች አማካይ ራሱ ነው።

ነጥቡ ከፍተኛ እንጂ ዝቅተኛ አለመሆኑን ሁለተኛው ደሪቬቲቭ ያረጋግጥልዎታል፤ −5/λ² ለማንኛውም λ ኔጌቲቭ ነው። እኔ ግን ቁጥር አስገብቶ ማየትንም እመክራለሁ፦ ℓ በ0.1 ላይ −14.51፣ በ1/6 ላይ −13.96፣ በ0.3 ላይ −15.02 ነው። ከ1/6 ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሲሄዱ ይወርዳል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም ተማሪ ሳለሁ ራሴ የሰልፍ ጊዜ ስመዘግብ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ስድስተኛ ሰው መጥቶ 15 ደቂቃ ጠብቆ ታክሲ ሳያገኝ በእግሩ ሄደ እንበል። እኔ እንዲህ ያሉትን ሰዎች «ጊዜያቸው አልታወቀም» ብዬ ከመዝገቡ እሰርዛቸው ነበር፤ በዚህም ረጅሞቹን ቆይታዎች እየመረጥኩ ስለጣልኩ ሰልፉ ከእውነተኛው የፈጠነ መስሎ ወጣ። 15ን ታክሲ እንደተገኘበት ደቂቃ መቁጠርም ስህተት ነው። ስለዚህ ሰው የምናውቀው ቆይታው ከ15 ደቂቃ እንደሚበልጥ ብቻ ነው፤ የዚህ ፕሮባቢሊቲ e^(−15λ) ሲሆን ከፊቱ λ የለውም።

ℓ(λ) = 5 ln λ − 45λ

ደሪቬቲቩ 5/λ − 45 ነውና λ = 5/45 = 1/9፣ አማካዩም 9 ደቂቃ ይሆናል። ሰውየውን ብሰርዘው 6 ደቂቃ፣ ታክሲ እንዳገኘ ብቆጥረው 7.5 ደቂቃ በወጣልኝ ነበር። ከላይ ያለው 5 ታክሲ ያገኙትን ሰዎች ብቻ ይቆጥራል፣ ከታች ያለው 45 ግን ሁሉም የቆሙበትን ደቂቃ ይደምራል፤ የእርስዎም ጥያቄ ቁልፉ ይኸው 5 ከየት እንደመጣ ማየት ነው። ይህ ስሌት የሚሠራው ግን ሰውየው የሄደው በራሱ ጉዳይ ከሆነ ነው፤ «ዛሬ ታክሲ አይመጣም» ተብሎ ሰምቶ ከሆነ የሄደው፣ መሄዱ ራሱ ስለ ቀሪው ቆይታ የሚናገረው ነገር ስላለ e^(−15λ) ብቻውን አይበቃውም።