ለሌሊት ፈረቃ «6 ካርቶን ተበላሽቷል» ብላችሁ ብቻ አትውጡ

ልጆች፣ እዚህ ጎንደር መጋዘን ሥራ ለጀመራችሁት ነው የምጽፈው። የምሽት ፈረቃ ኃላፊ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። እስካሁን ስለምትቆጨኝ አንዲት የርክክብ ማስታወሻ ልንገራችሁ።

ለአንድ የደባርቅ ነጋዴ 120 ካርቶን ዘይት ታዟል። አንዱ ካርቶን ባለ 5 ሊትር 4 ጄሪካን ይይዛል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ፈረቃዬ ሲያልቅ 84 ካርቶን አውጥተን በር ላይ ደርድረን ነበር። ስንደረድር ግን አንዱ ክምር ተንዶ 6 ካርቶን ተጎዳ፤ አንስተን ጥግ አስቀመጥነው። እኔም ቸኩዬ «ደባርቅ፦ 84 ወጥቷል፣ 36 ይቀራል። 6 ካርቶን ተበላሽቷል» ብዬ ጻፍኩና ወጣሁ።

ቁጥሩ ውሸት አልነበረውም። 6ቱ ከ84ቱ ላይ የተነሱ መሆናቸውን ግን አልጻፍኩም። የሌሊቶቹ ልጆች እኔ ቆጥሬዋለሁ ብለው አምነው በር ላይ ያለውን ሳይቆጥሩ 36 ጨመሩና አይሱዙው 114 ይዞ ሄደ። የእቃው ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ቢን ካርድ ላይ 120 ወጪ ተመዘገበ። ጠዋት የገባው ሰው ደግሞ ጥግ ያለውን 6 አየና «ብልሽት» ብሎ እንደገና ቀነሰው። ነጋዴው 6 ጎደለብኝ ብሎ ሲደውል ጥግ ያለውን 6 ሳንጨምር ክምችቱን ቆጠርን፤ ከካርዱ 6 በለጠ። እቃ ሲጎድል ሁሉም ይሯሯጣል፣ ሲተርፍ ማንም አይደነግጥም። እናንተ ደንግጡ። ብዙ ጊዜ ትርፍ ማለት ለደንበኛ ያልደረሰ ወይም ሁለቴ የተቀነሰ እቃ ነው።

ዛሬ ብጽፈው እንዲህ እለው ነበር፦ «ደባርቅ 120። በር ላይ ደህና 78 አለ፣ ገና 42 ይወጣል። ከዚሁ ትዕዛዝ የተነሳ 6 ካርቶን ጥግ ላይ ነው፣ ከካርድ አልተቀነሰም።» የሚቀረውን በር ላይ ካለው ደህና እቃ ተነስታችሁ አስሉ።

«ተበላሽቷል» የሚለው ቃልም ብቻውን አይበቃም። እነዚያን 6 ካርቶኖች ስንከፍት ከ24ቱ ጄሪካን የሚያፈሱት 9 ብቻ ነበሩ፤ 15ቱ ዘይት ነክቷቸው እንጂ ደህና ናቸው። ስለዚህ ክፈቱና በጄሪካን ቆጥራችሁ ጻፉ። የሚያፈሰውንም የንብረት ክፍል አይቶ ሳይፈርም አትጣሉት፣ ባዶውንም ቢሆን።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የረጠበው ክምር ነው። ዘይት የጠጣ ካርቶን ወዲያው አይወድቅም። ከሰዓታት በኋላ ይለሰልስና ከላይ ያለውን መሸከም ያቅተዋል፤ ያኔ ሥሩ ያሉት የሌሊቶቹ ልጆች ናቸው። ያን ምሽት የፈሰሰው ዘይት ከጎን ባለው ክምር ሥር ገብቶ ነበር። አይቼው አልጻፍኩትም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ክምሩ ዘመመ፤ አንዱ ልጅ አይቶ ጮኸና ሌሎቹ ሸሹ፣ ማንም አልተጎዳም። የረጠበ ነገር ካያችሁ የትኛው ረድፍ፣ ስንተኛው ክምር እንደሆነ የማስታወሻው የመጀመሪያ መስመር ላይ ጻፉት፤ ከቁጥሩ ሁሉ በፊት።