ጥያቄና መልስ፦ 200 አክሲዮን ልገዛ ነው፣ ስንት ይዤ ልሂድ?

ከደሴ፣ ፒያሳ፦ «ስልኬ ላይ የመጨረሻ ዋጋ 1,000 ብር ይላል። 200 አክሲዮን ፈልጌያለሁ። 200,000 ብር ይበቃኛል አይደል?»

ላይበቃህ ይችላል። 1,000 ብር ቅድም ሁለት ሰዎች የተስማሙበት ዋጋ ነው። እነሱ ተገበያይተው ሄደዋል። አንተ ማየት ያለብህ አሁን የቆሙትን ነው። ገዢና ሻጭ በየዋጋው ተሰልፈው የሚታዩበትን ዝርዝር፣ ኦርደር ቡኩን ክፈትና ሻጮቹን ተመልከት። እንዲህ ነው እንበል፦ አንዱ 40 አክሲዮን በ1,020 ይሸጣል። ሌላው 60 በ1,035። ሦስተኛው 100 በ1,060። ከወዲያ በኩል ደግሞ ከሁሉም የተሻለ የሚከፍለው ገዢ 990 ብር ነው ያቀረበው። በ990 እና በ1,020 መካከል ያለችው 30 ብር ስፕሬድ ትባላለች።

«በተገኘው ዋጋ ግዛልኝ» ብለህ ማርኬት ኦርደር ብታዝ ሦስቱንም ጠርገህ ነው የምትወስደው። 40,800፣ 62,100 እና 106,000 ብር ሲደመር 208,900 ይመጣል። አንዱን አክሲዮን በአማካይ በ1,044 ብር ከ50 ገዛኸው ማለት ነው። ሁሉንም በ1,020 አገኛለሁ ብለህ ከነበረ 4,900 ብር ተንሸራተተብህ። ስሊፔጅ የሚሉት ይህንን ነው። የብሮከሩ ኮሚሽን ገና አልተቆጠረም።

ከደሴ፣ ሸዋ በር፦ «ስፕሬድ እኮ ደላላው ኪሱ የሚከታት ናት። ለምን በግልጽ አትነግራቸውም?»

ግማሹ እውነት ነው። ከአንድ አከፋፋይ ጋር ብቻ የምትገበያይ ከሆነ፣ ሁለቱንም ዋጋ የሚያወጣው እሱ ነውና ልዩነቷን ይበላታል። ገዢና ሻጭ በሚገናኙበት ገበያ ግን 30 ብሯ ያልተስማሙ ሁለት ሰዎች ርቀት ናት። የደላላው ኪስ አልገባችም። ቸኩሎ የተሻገረው ሰው ይከፍላታል፣ ታግሶ የቆመው ይጠቀምባታል። ኮሚሽን ለብቻው ነው፣ ደረሰኙ ላይ ታገኘዋለህ።

ከኮምቦልቻ፦ «እኔ የማውቀው ከብት ነው። ገበያው ቀዝቅዟል ስትሉ ዋጋ ወርዷል ማለታችሁ ነው? እንግዲያው መግዣው አሁን ነዋ!»

አይደለም ሐጂ። ባቲን ያስቡት። ሰኞ ግመል ይዘው ቢወጡ ገዢው ብዙ ነው፣ የሚጠሩት ዋጋም ይቀራረባል። ሐሙስ ይዘው ቢወጡ አንድ ሰው ይመጣል፣ እሱም እንዳሻው ይጠራል። ግመሉ ያው ግመል ነው፣ የጎደለው ሰው ነው። ሊኩዊዲቲ የለም የምንለው እንዲህ ሲሆን ነው። ዋጋው ከፍ ብሎም ገበያው ቀዝቃዛ ሊሆን ይችላል። እኛ አገር የአክሲዮን ገበያው የተከፈተው በጥር 2017 ነውና ይህ ነገር ገና አብሮን ይቆያል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ስፕሬዱ ይሰፋል፣ በየዋጋው የቆመው አክሲዮን ጥቂት ነው፣ አንዳንድ ቀን ጭራሽ ግብይት የለም።

መውጫውንም ያስሉ። ያ 200 አክሲዮን የገዛው ልጅ ሐሳቡን ቀይሮ ወዲያው ልሽጥ ቢል፣ ገዢዎቹ 50 በ990፣ 80 በ980፣ 70 በ950 ቢሆኑ የሚያገኘው 194,400 ብር ነው። የድርጅቱ ዋጋ ሳይነቃነቅ 14,500 ብር ሄደ። እኔም በመጀመሪያ ግዢዬ እንዲህ ተበልቻለሁ። ብሮከሬ «አሁኑኑ ይፈጸም?» ሲለኝ አዎ አልኩት፣ ዋጋ ሳልጠይቅ።

ከኮምቦልቻ፣ ወጣት፦ «እኔ ዩሮን በዶላር ነው የምነግደው፣ EUR/USD ላይ ነኝ፣ ስፕሬዱ ኢምንት ናት። ስቶፕ ሎስም አስቀምጣለሁ። ይሄ ሁሉ እኔን አይመለከተኝም።»

በአዘቦት ቀን ልክ ነህ። የወለድ ውሳኔ ወይም የአሜሪካ የሥራ አጥነት ቁጥር በሚወጣባት ደቂቃ ግን ስፕሬዷን እያት፣ ዘርጋ ትላለች። ተራው ስቶፕም ዋጋውን ሲነካ ማርኬት ኦርደር ይሆናል። «እዚህ ጋ ሽጥልኝ» ሳይሆን «እዚህ ሲደርስ ባገኘኸው ሽጥልኝ» ማለት ነው። ዋጋው ዘሎ ካለፈ ከታች ነው የምትሸጠው።

ያው የፒያሳው ልጅ፦ «እሺ፣ ሊሚት ኦርደር ሞከርኩ። ከ1,025 በላይ አልከፍልም ብዬ 200 አዘዝኩ። 40 ብቻ ደረሰኝ። ተበላሸ?»

እንዲያውም ደህና ሠርተሃል። 40ዎቹን በ1,020 ነው ያገኘኸው። የቀሩት 160 አሁን ኦርደር ቡኩ ላይ ቆመዋል፣ ምርጡ ገዢ አንተ ሆነሃል ማለት ነው። ቀጣዩ ሻጭ 1,035 ስለሚል ስፕሬዷ በአንተ ምክንያት ወደ 10 ብር ጠበበች። ትእዛዝህ ለዛሬ ብቻ ይሁን ወይስ እስክትሰርዘው የሚቆይ፣ ብሮከርህን ጠይቅ።

ከሸዋ በር፣ እንደገና፦ «ዝም ብሎ 1,035 ይክፈልና ይገላገል! ነገ 1,100 ቢገባስ?»

ሊገባ ይችላል። ነገ በ1,010 የሚሸጥ ሰው ሊመጣም ይችላል። እኔ ብሆን እስከ ከሰዓት እጠብቅ ነበር፤ አንተ አትጠብቅም። በ1,035 ያለው ግን 60 ብቻ ነው። የቀሩት 100 አሁንም በ1,060 ናቸው።