የክረምት ቁጥር እንዳያሳስታችሁ፦ በጅማ ቪዲዮ ለምትሠሩ ልጆች

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ እዚህ ጅማ የምትሠራውን የዩቲዩብ ቻናል ቁጥር በስልኳ አሳየችኝና «ጋሼ፣ አዲሶቹ ቪዲዮዎቼ ከድሮዎቹ የበለጠ ሰው ያቆያሉ አይደል?» አለችኝ። ሰንጠረዡን ሳየው ደነገጥኩ። ከዓመታት በፊት አንድ የቡና ቻናል ልክ እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ይዞ ጥሩ አሠራሩን እርግፍ አድርጎ ትቷል። ሰንጠረዡን ካዩት አንዱ ነበርኩ፤ ያኔ ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የዚያን ቻናል ጉዳይ ልንገራችሁ። ቁጥሮቹን ለማስላት እንዲቀሉ አጠጋግቻቸዋለሁ።

ቻናሉ በጥቅምትና በኅዳር ስድስት ቪዲዮ ለቀቀ። ማሳው ድረስ ሄደው ከገበሬው ጋር ረጋ ብለው የሚያወሩባቸው ነበሩ። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ቤት ውስጥ የተቀረጹ፣ ቶሎ ቶሎ የሚሄዱ ስድስት ለቀቀ። አንድ ተመልካች በአማካይ የድሮዎቹን 4 ደቂቃ፣ አዲሶቹን 5 ደቂቃ አየ። ሃያ አምስት በመቶ ጭማሪ ነው። በዚያው ሳምንት የማሳው ቀረጻ ቀረ።

ክረምቱን አላሰቡትም። በሐምሌ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ዝናቡም ሰውን ቤት ያውለዋል። በኅዳር ግን የጅማ ዙሪያ ሰው ቡና ለቀማ ላይ ነው፤ ስልኩን የሚከፍተው እግረ መንገዱን ነው። ስለዚህ ሰው የቆየው ቪዲዮው ስለተሻለ ነው ወይስ ጊዜ ስላገኘ? ሁለቱ በአንድ ቁጥር ውስጥ ተደባልቀዋል።

የሚለያቸው መንገድ ቻናሉ ውስጥ ያሉ፣ ዓመት ያለፋቸውና ማንም ያልነካቸው ቪዲዮዎች ናቸው። እነሱ አልተለወጡም። በሁለቱ ወቅቶች መካከል የሰው ቆይታ በእነሱም ላይ ከጨመረ፣ ጭማሪው በአብዛኛው የወቅቱ ነው። እኔ የወቅት ሚዛን እላቸዋለሁ። ያ ቻናል ስለ ቡና አቆላልና ስለ ጀበና አያያዝ የሚናገሩ እንዲህ ያሉ ስምንት ቪዲዮዎች ነበሩት። እነሱን ከድሮዎቹ ስድስት ጋር በአንድ ወቅት ስንለካቸው 3 ደቂቃ፣ ከአዲሶቹ ጋር ስንለካቸው 3.6 ደቂቃ ነበሩ። ወቅቱ ብቻውን ቆይታውን 1.2 እጥፍ አድርጎታል ማለት ነው። አዲሶቹን 5 ደቂቃ ለ1.2 ስናካፍል 4.17 ይመጣል፤ ከ4 ደቂቃ የሚበልጠው በአሥር ሰከንድ ነው። የድሮዎቹ ስድስት እርስ በርሳቸው እንኳ ከ3.4 እስከ 4.7 ደቂቃ ይለያዩ ስለነበር አሥር ሰከንድ ምንም አያሳይም። የማሳው ቀረጻ የተጣለው በከንቱ ነበር። ኅዳር ደርሶ ቁጥሩ ሲወርድ ደግሞ ጥፋቱን በአቅራቢዋ ላይ አላከኩት።

አሁን ወደ አሠራሩ። ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ `Advanced mode` ግቡና ለእያንዳንዱ ቪዲዮ ከተለቀቀበት ቀን ጀምሮ የመጀመሪያዎቹን 28 ቀናት ብቻ ምረጡ። 28 ያልኩት እያንዳንዱ የሳምንት ቀን እኩል አራት ጊዜ ስለሚገባ ነው። ሁሉም ቪዲዮ እኩል ርዝመት ያለው ጊዜ ይኑረው፤ አንድ ሰው በ90 ቀን ውስጥ ተመልሶ ለማየት ከ28 ቀን የበለጠ ዕድል ስላለው፣ ረጅም ጊዜ የተሰጠው ቪዲዮ ሳይሻል የተሻለ ይመስላል። `Watch time (hours)` እና `Unique viewers` የሚሉትን ወስዳችሁ በሰንጠረዥ አስቀምጡ። ሰዓቱ በC፣ ተመልካቹ በB ዓምድ ቢሆን፣ የመጀመሪያውን ቀመር D2 ላይ ጽፋችሁ እስከ D7 ቅዱት፤ ሁለተኛውን ሌላ ባዶ ቦታ ላይ ጻፉት፦

```
=C2*60/B2
=MEDIAN(D2:D7)
```

የመጀመሪያው ለአንድ ተመልካች የደረሰውን ደቂቃ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ከስድስቱ መሃል ላይ ያለውን። ተራውን አማካይ የማልወደው አንድ ድንገት የገነነ ቪዲዮ ሁሉንም ስለሚጎትተው ነው። የሚዛኖቹንም በተመሳሳይ ቀመር አስሉ፣ ስምንት ከሆኑ ግን D7 የሚለውን D9 አድርጉት፤ ቀኖቹ ግን የራሳቸው ሳይሆኑ አዲሶቹና ድሮዎቹ የተለኩባቸው 28 ቀናት ይሁኑ።

ብዙዎቻችሁ የምትሳሳቱት `Unique viewers` ላይ ነው። ሰውን ስለሚቆጥር አይደመርም። ሰኞም ማክሰኞም ያየ ሰው በየቀኑ ቁጥር ውስጥ ሁለት ጊዜ አለ፤ በ28 ቀኑ ቁጥር ውስጥ ግን አንድ ጊዜ ነው። የየቀኑን ደምራችሁ ብታካፍሉ ተመልካቹ ይበዛና ቆይታው ያነሰ ይመስላል። ስለዚህ 28 ቀኑን በአንድ ጊዜ አውጡ። አጫጭሮቹን ሾርትስ ደግሞ ከረጅሞቹ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ።

የእናንተ ትውልድ ስልኩን በየሰዓቱ እየከፈተ ቁጥር ማየት ይወዳል፤ ይህ አይጠቅምም። የዩቲዩብ ቀን የሚቆጠረው በአሜሪካ ፓስፊክ ሰዓት ነው። እኛ ጋ ቀኑ የሚለወጠው ጠዋት 4 ሰዓት፣ እነሱ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ ደግሞ 5 ሰዓት ላይ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የለቀቃችሁት ቪዲዮ «የመጀመሪያ ቀኑ» አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። በ28 ቀን ውስጥ ይህ ጉዳት የለውም፤ የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ለምታወዳድሩ ግን ትልቅ ስህተት ነው።

ሚዛኑም ይበላሻል። የቡና ችግኝ ተከላን የሚያሳይ ቪዲዮ ሚዛን አይሆንም፤ ችግኝ የሚተከለው በክረምት ስለሆነ ርዕሱ ራሱ ወቅት አለው። የአቆላልና የጀበና ቪዲዮ የሚሻለው ለዚህ ነው። አዲሱ ቪዲዮ መጨረሻ ላይ ወደ ድሮው የሚመራ `End screen` ካስቀመጣችሁም፣ አዲሱ የሳበው ሰው ወደ ሚዛኑ ይፈስሳል። ይህን ለማወቅ የሚዛኑን `Traffic source` ተመልከቱ፤ `End screens` ድንገት ካደገ ያንን ቪዲዮ አውጡት። አብዛኛው ተመልካቹ በ`YouTube search` የሚመጣ ቪዲዮ የተሻለ ነው። ውጭ አገር ብዙ ተመልካች ካላችሁ ደግሞ ኢትዮጵያን ለብቻዋ ለዩ፤ የዋሽንግተን ሰው ሐምሌ ከጅማ ሐምሌ ጋር አይገናኝም።

«ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ባወዳድርስ?» የሚል ይኖራል። እኔም አደርገዋለሁ፤ ግን ብቻውን አላምነውም፣ በተለይ እዚህ ጅማ። ረመዳን በየዓመቱ ወደ አሥራ አንድ ቀን ገደማ ወደ ፊት እየቀደመ ይመጣል። በ2016 መጋቢት መጀመሪያ ላይ ነበር የገባው፤ በ2017 የካቲት 22 ገደማ። ፋሲካም በ2016 ሚያዝያ 27፣ በ2017 ሚያዝያ 12 ዋለ። ስለዚህ የካቲትን ከየካቲት ያወዳደረ ሰው የጾም ሳምንታትን ጾም ካልሆኑ ሳምንታት ጋር ሊያወዳድር ይችላል።

ወደዚያች ልጅ ልመለስ። ዓመት የሞላቸው ሦስት ቪዲዮዎች ብቻ ናቸው ያሏት፤ በሦስት ሚዛን ወቅትን መለካት አይቻልም። ስለዚህ ያልኳት ይህን ነው፦ ለአሥራ ሁለት ሳምንት፣ አንዱን ሳምንት በድሮው አሠራር፣ ቀጣዩን በአዲሱ፣ በተመሳሳይ ቀንና ሰዓት ልቀቂ። ዝናቡም፣ ጾሙም፣ የመብራት መጥፋቱም ሁለቱን እኩል ይነካቸዋል፤ ሚዛን አያስፈልግሽም። የመጨረሻው ቪዲዮ 28 ቀኑን ሲጨርስ ስድስቱን ከስድስቱ ጋር አስቀምጪ፤ እስከዚያ ግን የትኛውንም አሠራር እንዳትተዪ።