ሂሳቡ ተሳስቷል፣ ደብዳቤዬ መልስ አጣ፤ ወዴት ልሂድ?

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ትንሽ የኮፒና የጽሕፈት ቤት አለኝ። የሱቁ ኢንተርኔት በወር 2,400 ብር ነበር። በዛብኝና ወደ 1,350 ብሩ ጥቅል እንዲያወርዱልኝ ቅጽ ሞላሁ። ፍጥነቱ ወረደ፣ ሂሳቡ ግን አሁንም 2,400 ነው። ሁለት ወር እየተናደድኩ ከፈልኩ፣ ቀጣዩን ሦስት ወር አልከፈልኩም። ሦስት ጊዜ በደብዳቤ አመለከትኩ፣ ማንም መልስ አልሰጠኝም። አሁን መስመሩ ሊቆረጥ ነው የሚል መልእክት መጣልኝ። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ አቤቱታዎን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ያቅርቡ። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የቴሌኮም ተቆጣጣሪ ይህ መሥሪያ ቤት ነው፣ የደንበኞችን ቅሬታ ማየትም ሥራው ነው። ግን ከመሄድዎ በፊት ሁለት ነገር ያስተካክሉ። አንደኛው ደብዳቤዎቹ፣ ሁለተኛው ያልከፈሉት ገንዘብ።

ከደብዳቤዎቹ እንጀምር። ባለሥልጣኑ መጀመሪያ የሚጠይቅዎ «ለድርጅቱ አመልክተሃል ወይ?» ብሎ ነው። እርስዎ አዎ ይላሉ፣ ድርጅቱ ደግሞ አልደረሰኝም ሊል ይችላል፣ ስለዚህ ዋናው ነገር መጻፍዎ ሳይሆን ደብዳቤው መድረሱን ማሳየት መቻልዎ ነው። ቅጂዎቹን አውጥተው ይዩ። የመዝገብ ቤት ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር ያለበት የትኛው ነው? ብዙ ሰው ደብዳቤውን መስኮት ላይ ላለችው ሠራተኛ ሰጥቶ ባዶ እጁን ይመለሳል። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ማኅተም ካለው አቤቱታዎን በእሱ ላይ ይመሥርቱ፣ ሌሎቹን አያይዟቸው። አንዱም ከሌለው ግን ዛሬውኑ አንድ አጭር ደብዳቤ በሁለት ኮፒ ይጻፉ፣ አንዱ ላይ አስፈርመውና ማኅተም አስመትተው ይያዙት። አንቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት በአደራ ይላኩት፣ ደረሰኙ ማስረጃ ይሆንዎታል። ደብዳቤው ላይ መልስ የሚጠብቁበትን የመጨረሻ ቀን ይጥቀሱ። የፍትሐ ብሔር ሕጉም በቁጥር 1772 ሌላኛው ወገን ውሉን አልፈጸመም ብሎ ለመከራከር አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት እንደሚያስፈልግ ይናገራል፣ ስለዚህ ይህች ወረቀት ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰም ትጠቅምዎታለች።

አሁን ወደ ገንዘቡ። እዚህ ላይ በግልጽ ልንገርዎ፤ ሦስቱን ወር ምንም አለመክፈልዎ ጉዳዩን እያዳከመብዎ ነው። ስህተቱ የእነሱ ነው፣ ግን ኢንተርኔቱን ተጠቅመዋል። እስቲ እናስላው። በከፈሏቸው ሁለት ወራት በየወሩ 1,050 ብር በትርፍ ሰጥተዋል፣ ድምሩ 2,100 ብር። ያልከፈሏቸው ሦስት ወራት በትክክለኛው ዋጋ 4,050 ብር ናቸው። ከዚህ ላይ ትርፉን ሲቀንሱ በእርስዎ ላይ የሚቀረው 1,950 ብር ነው። እነሱ ግን 7,200 ብር ይጠይቁዎታል። የሚያከራክራችሁ እንግዲህ 5,250 ብር ነው ማለት ነው። (ሁለቱም ዋጋ ቫትን ይጨምር እንደሆነ ደረሰኙ ላይ ያረጋግጡ። አንዱን ከቫት ጋር ሌላውን ያለ ቫት ካሰሉ ቁጥሩ ይፋለስብዎታል፣ እነሱም በዚያው ይይዙዎታል።)

1,950ዋን ይክፈሉ። በግማሽ አንቀበልም ካሉ፣ ሊከፍሉ ሄደው እንዳልተቀበሉዎት በዚያው ቀን በደብዳቤ ያሳውቋቸው። የማያከራክረውን የከፈለ ወይም ለመክፈል የሞከረ ሰው ባለሥልጣኑ ፊት ሲቆም «ባለዕዳ ነው» ተብሎ በቀላሉ አይታለፍም።

ማመልከቻው ከአንድ ገጽ ተኩል አይብለጥ። ቅጹን የሞሉበት ቀን፣ አገልግሎቱ የወረደበት ቀን፣ ከዚያ ከላይ ያለው ስሌት፣ ከዚያ የደብዳቤዎቹ ቀንና የገቢ ቁጥር። ንዴትዎን አይጻፉበት። የጥቅል ለውጥ ቅጹ ቅጂ በእጅዎ ከሌለ ድርጅቱ ፋይሉን እንዲያቀርብ ይታዘዝልኝ ብለው ይጠይቁ። ውሉ በማን ስም እንደሆነም ይመልከቱ፤ የንግድ ፈቃዱና ውሉ በባለቤትዎ ወይም በወንድምዎ ስም ከሆነ ያመልካቹም ስም ያው መሆን አለበት፣ አለዚያ ውክልና ይዘው ይቅረቡ። በዚህች ጉዳይ ብቻ ከበር የሚመለስ ሰው አለ።

የሚጠይቁት ነገር ደግሞ ተለይቶ ይቀመጥ። ሂሳቡ ካወረዱበት ቀን ጀምሮ በ1,350 ብር ይስተካከል፣ የተከፈለው ትርፍ ይታሰብልኝ፣ ጉዳዩ እስኪያልቅ መስመሩ እንዳይቆረጥ ይታዘዝልኝ። የመጨረሻው በጣም አስቸኳይ ስለሆነ ከላይ፣ በመጀመሪያው አንቀጽ ይግባ። ሱቁ ስላጣው ገቢ ካሳ እዚህ ውስጥ አይጨምሩ። ያ የራሱ ማስረጃ የሚጠይቅ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው፣ ቀላሉን ነገር ያወሳስብብዎታል።

ድርጅቱ «ትርፉ አይመለስም» ቢል፣ መክፈል የማይገባውን የከፈለ ሰው ማስመለስ እንደሚችል የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2164 ይደነግጋል፣ ይጥቀሱት። ተስማምተው ሲጨርሱም በቃል «ተስተካክሏል» የሚለውን ብቻ ይዘው አይውጡ። የሂሳብ ማስተካከያውን በጽሑፍ ይቀበሉ፣ የሚቀጥለው ወር ቢል 1,350 ብር መሆኑን ዓይተው ነው አቤቱታዬ ተፈቷል ብለው የሚፈርሙት።