ለማስተርስ ስኮላርሺፕ የሚጻፍ ሪኮመንዴሽን፦ ጠይቁኝ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ የሰብል ሳይንስ መምህር ነኝ። ብዙ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፣ ጥቂቱን አበላሽቻለሁ። ማታ ማታ እመልሳለሁ።

ከእነዋሪ፦ «መምህር፣ ጂፒኤዬ 3.1 ነው። ደብዳቤው ምን ቢል ያድነኛል?»

ነጥቡን ደብዳቤ አይለውጠውም። ትራንስክሪፕቱ የማይናገረውን ግን ይናገራል። አንዲት ተማሪዬን ላንሳ። የመመረቂያ ሥራዋ ቆርምድ በሚባለው የባቄላ በሽታ ላይ ነበር። አራት ትሪትመንት በሦስት ድግግሞሽ፣ 12 ፕሎት። በስታቲስቲክስ ሲ አላት።

መጀመሪያ «ታታሪ፣ ጨዋ፣ ጎበዝ ተማሪ ናት» ብዬ ጻፍኩ። ሳነበው የማንም ሊሆን ይችላል። ቀደድኩት። ከዚያ ያየሁትን አሰብኩ። ነሐሴ ላይ ዝናቡ አላባራ ሲል ሁለት ሰው ሆነው የበሽታውን ደረጃ ይመዘግቡ ነበር። የሁለቱ ቁጥር እንደማይገጥም ያየችው እሷ ናት። አንዱ ቅጠሉ ላይ ያለውን እብጠት ብቻ ይቆጥራል፣ ሌላው የደረቀውንም ይጨምራል። በማግስቱ ጭቃ ውስጥ ገብታ 12ቱንም ፕሎት ብቻዋን እንደ አዲስ መዘገበች። የጻፍኩት ይህንን ነው። ቀጥዬም ሲ ያመጣችበትን ትምህርት ጠቅሼ፣ ከዓመት በኋላ የራሷን ዳታ ራሷ እንደተነተነች ጨመርኩ። ሲውን ባልፈው ኖሮ አንባቢው ራሱ ያገኘዋል።

ስለዚህ መምህርህ አንተን ሥራ ላይ ያየበትን አንድ ቀን አስታውሰው። እኛ እንረሳለን፣ ተማሪው ብዙ ነው።

ከደብረ ብርሃን፦ «የዲን ደብዳቤ ይበልጣል። የሚያዩት ማዕረግና ማኅተም ነው፤ ለምን ተራ መምህር ታስቸግራላችሁ?»

ግማሹ ልክ ነው። የተቋሙ አርማ ያለበት ወረቀትና ማዕረግ ይታያል። ነገር ግን ዲኑ ማሳ ላይ ካላየህ የሚጽፈው ትራንስክሪፕትህን ነው። እሱን ደግሞ አንተው አያይዘሃል። ዲኑ አስተምሮህ ከሆነ ግን ሂድ፣ አትፍራ።

ከመሐል ሜዳ፦ «ፎርሙ ላይ ከክፍሉ ስንተኛ ነው ይላል። መምህሬ 5 በመቶ ውስጥ ላይ ምልክት ቢያደርግልኝ ምን ችግር አለው?»

ስንት ሆናችሁ ተመረቃችሁ? 58 ተማሪ ውስጥ 7ኛ ከሆንክ 12 በመቶ ገደማ ነው። 15 በመቶ የሚል ሳጥን ካለ እሱ ነው ያንተ። ፎርሙ 5 እያለ ትራንስክሪፕቱ ሌላ ካለ፣ የሚጠረጠረው ፎርሙ ብቻ ሳይሆን ደብዳቤው በሙሉ ነው። አንዳንዱ ፎርም ግን የሚጠይቀው በነጥብ አይደለም፤ በምርምር ችሎታ ነው። እዚያ ላይ መምህሩ በልቡ ያለውን ይሙላ።

ከሸዋ ሮቢት፦ «እኔ የወረዳ ግብርና ባለሙያ ነኝ፣ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ደብዳቤውን ከጽ/ቤቱ ሰው ሀብት አውጥቼ ልላክ?»

ወንድሜ፣ እሱ የሥራ ልምድ ማስረጃ ነው፤ ሌላ ወረቀት ነው። ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራህ ይላል እንጂ ስላንተ አይመሰክርም። ሁለት ሰው ከተጠየቅህ ግን አንዱ የቅርብ አለቃህ ቢሆን ጥሩ ነው። ገበሬ ማሳ ላይ አብሮህ የወረደ ሰው ብዙ የሚጽፈው አለው።

ከደብረ ሲና፦ «ደብዳቤውን ተቀብዬ እኔ ልጫነው ወይስ እሳቸው?»

ማስታወቂያውን አንብቢ። በብዙዎቹ ሊንኩ በቀጥታ ለመምህሩ ኢሜይል ይላካል፣ አንቺ አታይውም። የዩኒቨርሲቲውን ኢሜይል ስጪ፤ ጂሜይል የማይቀበሉ አሉ። ከዚያ መምህሩ ስፓም ውስጥ እንዲፈልግ ደውይለት። ሊንኩ እዚያ ተቀብሮ ቀነ ገደቡ ያለፈበት ተማሪ አለኝ። ቢያንስ አራት ሳምንት ስጪው፤ መብራትና ኔትወርክ የሚሄዱት የመጨረሻው ቀን ላይ ነው።

ከእነዋሪ እንደገና፦ «መምህሬ "ራስህ ጽፈህ አምጣ፣ እፈርማለሁ" አለኝ። ነውር አለው?»

በእኛ አገር የተለመደ ነው። እኔ አልወደውም። የተማሪው ማመልከቻና ደብዳቤው በአንድ አንደበት ሲናገሩ ያስታውቃል። አንድ ባልደረባዬ ደግሞ «ጊዜ ከሌለኝ ምን ላድርግ፣ እርማት እጨምርበታለሁ» ይላል። እስካሁን አልተስማማንም። እኔ ብሆን ደብዳቤ ሳይሆን አንድ ገጽ ማስታወሻ እሰጠዋለሁ፦ የሠራሁት ሙከራ፣ ያጋጠመኝ ችግር፣ የማመለክትበት ፕሮግራም።

ከደብረ ብርሃን እንደገና፦ «አበላሸሁ ያልከውን አልነገርከንም።»

ለሦስት ተማሪ አንድ ደብዳቤ ጽፌ ስም ብቻ ቀየርኩ። ወንዱ ልጅ ደብዳቤ መሐል «እሷ» የሚል ቀረ። ሦስቱም ለአንድ ስኮላርሺፕ ነበር ያመለከቱት። ሦስቱም አላለፉም። በእኔ ይሁን በሌላ፣ ማንም አልነገረኝም።