አይቡ ነው ያመመኝ ወይስ ሕመሙ ነው አይብ ያሰኘኝ?

ይድረስ ለእትዬ፣

ትዕግስቴ አለቀ። ማይግሬን ከያዘኝ ዓመታት አልፈዋል። ባለቤቴ የሚከለከሉትን ምግቦች ጽፎ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፏል፤ የቆየ አይብ፣ ሳላሚ፣ ሶሴጅ፣ ቀይ ወይን። ዝርዝሩ ላይ ይጨመራል እንጂ የሚሰረዝ የለም። ራሴን ባመመኝ ቁጥር «ምን በልተሽ ነው?» ይለኛል። በቀደም ትንሽ አይብ በላሁና ማታውኑ አልጋ ላይ ወደቅኩ። «ነግሬሽ አልነበር?» አለ። ሌላ ጊዜ ያንኑ አይብ በልቼ ምንም ሳልሆን ስቀር ግን ማንም አያስታውሰውም።

ደግሞ አይብ ሁልጊዜ አያምረኝም። አንዳንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝም ብዬ ሳዛጋ እቆያለሁ፣ አንገቴን ይይዘኛል፣ ከዚያ ጨው ያለው ነገር ካልበላሁ ያሰኘኛል። ድካም ነው ብዬ አልፈዋለሁ። አሁን አሁን ፈርቼ ቁርስም መብላት ትቻለሁ። አንዱ አይብ ለማይግሬን መርዝ ነው ይላል፣ ሌላው ማስረጃ የለውም ይላል። ማንን ልመን?

እውነቱን ለመናገር ግን መጠየቅ የፈለግኩት ሌላ ነው። ይህን ሕመም በገዛ እጄ ነው የማመጣው?

አንባቢዎ

እህቴ፣

ድካም ነው ብለሽ ያለፍሽውን ማዛጋት ነው እኔ የያዝኩት።

ማይግሬን የሚጀምረው ራስሽን መፍለጥ ሲጀምርሽ አይደለም። ከሰዓታት በፊት፣ አንዳንዴም ከአንድ ሁለት ቀን በፊት አንጎል ውስጥ ተነስቷል። ያኔ ሰው ያዛጋል፣ አንገቱ ይገተራል፣ ይነጫነጫል፣ የተለየ ምግብ ያምረዋል። ተመራማሪዎች በዚህ ሰዓት አንጎልን በምስል ሲያዩት ሃይፖታላመስ የሚባለው ክፍል ሥራ ይበዛበታል። ረሃብንና እንቅልፍን የሚቆጣጠረው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ አንድ ጥናት እንዲህ ያለ ቅድመ ምልክት የሚሰማቸው ሕመምተኞች ምልክቱን በኤሌክትሮኒክ ማስታወሻ ሲመዘግቡ ቆዩ። ምልክቱን ከመዘገቡባቸው ጊዜያት በ72 በመቶው ራስ ምታቱ ተከትሎ መጣ።

እንግዲህ የአንቺን ከሰዓት በኋላ በቅደም ተከተሉ እንየው። መጀመሪያ አዛጋሽ። ቀጥሎ አንገትሽ ተያዘ። ከዚያ አማረሽና አይቡን በላሽ። ማታ ሕመሙ መጣ። አይቡን ከመቅመስሽ በፊት ማይግሬኑ ሳይጀምርሽ አልቀረም። ባለቤትሽ ያየው መጨረሻ ላይ ያሉትን ሁለቱን ብቻ ነው። «ምን በልተህ ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ጥናትም የሚያየው እነሱኑ ነው። ማስረጃው እርስ በርሱ የሚጋጭበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ ነው።

አይብ የተጠረጠረው ግን ያለ ምክንያት አይደለም። አይብ እየቆየ ሲሄድ ፕሮቲኑ ይፈራርስና ታይራሚን የሚባል ነገር ይጠራቀምበታል። ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ የተባለውን ኢንዛይም የሚያግዱ የድብርት መድኃኒቶች የሚወስዱ ሰዎች እንዲህ ያለ አይብ ሲበሉ የደም ግፊታቸው በድንገት ያሻቅባል፣ ራሳቸውንም ክፉኛ ያማቸዋል። ለእነሱ ክልከላው የምር ነው፤ እንዲህ ያለ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ከዚህ በታች ያልኩትን ስለ አይብ አትከተይው። ኤዳ ሃኒንግተን የተባለች እንግሊዛዊት ሐኪም ከዚህ ተነስታ እ.ኤ.አ. በ1967 ታይራሚን ለማይግሬንም መነሻ ሊሆን ይችላል አለች። ለሕመምተኞቿ በካፕሱል ስትሰጣቸው ራስ ምታት ተነሳባቸው። በኋላ ሌሎች ሐኪሞች የትኛው ካፕሱል ታይራሚን፣ የትኛው ባዶ እንደሆነ ሳይታወቅ ሲሞክሩት ግን ውጤቱ አንድ ዓይነት አልሆነም። በብዙዎቹ ሙከራዎች ባዶው ካፕሱልም ያንኑ ያህል አሳመመ። አይብ ያመኛል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ጥበቃው ራሱ ውጤቱን ያዛባዋል።

የሳላሚና የሶሴጁ ነገር ደግሞ ናይትራይት ነው። ሥጋው እንዳይበላሽና ቀለሙ እንዲቆይ የሚጨመር ነው። ሰውነት ውስጥ ናይትሪክ ኦክሳይድ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ጋዝ ማይግሬን እንደሚያስነሳ ጋዙን ሰውነት ውስጥ በሚለቅ ናይትሮግሊሰሪን በተባለ የልብ መድኃኒት በደንብ ታይቷል። ሶሴጅ ራሱን የሚያመው አንድ ሰው እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣ ጥናት ናይትራይት ለብቻው ሲሰጠው አሞታል። ሌሎች ፈቃደኞች ግን ያንኑ ወስደው ምንም አልሆኑም። ስለዚህ ለአንዳንድ ሰው እውነት ነው፤ አንቺ ከእነሱ መሆን አለመሆንሽን ግን ከማቀዝቀዣ ላይ ወረቀት አታውቂውም።

ወይን ላይ ከሌሎቹ ይልቅ እጠነቀቃለሁ። እዚያ ማስረጃው ይሻላል። ሆኖም በሆላንድ ከ2,000 በላይ የማይግሬን ሕመምተኞች ሲጠየቁ አልኮል ያስነሳብኛል ያሉት 36 በመቶ ገደማ ናቸው። አብዛኞቹ የወነጀሉት ቀይ ወይንን ነው። በጠጡ ቁጥር ሁሉ ያመማቸው ግን ከ10 በመቶ በታች ናቸው። ያው ወይን ዛሬ ይጥላል፣ ነገ አይነካም። እንቅልፍ፣ የወር አበባ ሰሞን፣ ባዶ ሆድ አብረው ይቆጠራሉ።

ስለዚህ ወረቀቱን አንሺውና ሌላ መዝገብ ያዢ። ሕመም የሌለበትንም ቀን ሳትዘይ በየቀኑ ጻፊ። ማዛጋቱንና አምሮቱን ከነሰዓቱ ጻፊ፣ አይብ የበላሽበትንም ሰዓት ጻፊ። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ቁጠሪው። ለምሳሌ አይብ በበላሽባቸው 20 ቀናት 5 ጊዜ፣ ባልበላሽባቸው 40 ቀናት ደግሞ 10 ጊዜ ተነሳብሽ እንበል። ሁለቱም ከአራት አንድ ነው፤ አይቡ ነጻ ወጣ። ከ20ው 12 ጊዜ ከሆነ፣ አብዛኛውም ሳታዛጊ ከበላሽ በኋላ የመጣ ከሆነ፣ ያኔ ጠርጥሪው። አንዱን ብቻ ለአንድ ሁለት ወር ተዪና እዪ፤ ሁሉንም በአንዴ ከተውሽ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

ቁርሱን ግን ዛሬውኑ ጀምሪ። በዚህ ተቆጥቻለሁ። ሆድን ባዶ መተው ራሱ ማይግሬን ያስነሳል፤ ሕመምተኞች በብዛት ከሚያነሷቸው መነሻዎች አንዱ ነው። አይብ ፈርተሽ ረሃብን መርጠሻል።

ለጥያቄሽ መልሴ አይደለም ነው። ማይግሬን በዘር የሚወረድ ዝንባሌ ያለው የአንጎል ሕመም ነው፤ ምግብ ቢበዛ ጊዜውን ያፈጥነዋል እንጂ ሕመሙን አይሰጥሽም። ባለቤትሽ ክፉ ነው አልልም፣ ጭንቅ ብሎት ይሆናል። ግን የታመመን ሰው «ምን በልተሽ ነው?» ማለት ምርመራ አይደለም፤ ክስ ነው፤ ይተወው። መርዳት ከፈለገ ስታዛጊ አይቶ «ሊመጣ ነው መሰለኝ» ይበልሽ። መዝገቡን ይዘሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። በወር አራት ቀንና ከዚያ በላይ የሚያምሽ ከሆነ በየቀኑ ስለሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት ጠይቂው፤ ማስታገሻ በወር ስንት ቀን እንደምትወስጂም ሳትደብቂ ንገሪው፣ ሲበዛ እሱም ራስ ምታት ያመጣልና።